«እንደ አስተያየትዎ አስተካክለናል»፦ የጎደሉት መቶ ልጆች የት ገቡ?

«ለጠቃሚ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። እንደ አስተያየትዎ አስተካክለናል።»

በዚህ አገር ምርምር ጽፎ ወደ ጆርናል የላከ ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያውቃቸዋል። ጽሑፉ ይላካል። ከወራት በኋላ የሁለት ወይም የሦስት ገምጋሚዎች አስተያየት ይመጣል። ተመራማሪው አስተያየቶቹን በተራ ቁጥር ይደረድርና ከእያንዳንዳቸው ሥር ምላሹን ይጽፋል። ይህ የምላሽ ደብዳቤ ሳይንሳዊ ሙግት የሚካሄድበት ወረቀት መሆን ነበረበት። በብዙዎች እጅ ግን የደጅ ጥናት ማመልከቻ ሆኗል። ገምጋሚው ያዛል፣ ደራሲው እሺ ጌታዬ ይላል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ የደረጃ ዕድገት ፋይል ውስጥ ይገባል።

ለኢትዮጵያ የጤና ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚመጡ ሁለት አስተያየቶች አሉ። አንደኛው «የተጠቀማችሁበት የስታቲስቲክስ ሞዴል ለዚህ መረጃ አይሆንም፣ በሌላ ሥሩት» ይላል። ሁለተኛው «መረጃቸው የጎደለ ሰዎች ስንት ናቸው? እነማን ናቸው? ምን አደረጋችኋቸው?» ይላል። ሁለቱም የፈረንጅ አቃቂር ተደርገው ይታያሉ። አቃቂር ግን አይደሉም። የመጀመሪያው ጥናቱ የሚናገረው ቁጥር እውነት ስለመሆኑ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቁጥሩ ውስጥ ማን እንደተረሳ።

«ይህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ የፖለቲካ ተከታታይን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ካለ የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያስታውስ። የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲገኝ ፓርላማው ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም «የጎደለው ሰው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ትክክል ነበር። የሚገርመው፣ ያንኑ ጥያቄ አንድ ገምጋሚ ስለ አንድ ወረዳ ጥናት ሲያነሣው «የተሟላ መረጃ የሌላቸው ከትንተናው ተወግደዋል» በሚል አንድ መስመር መዘጋቱ ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተሰናዱ እንጂ የማንም ጥናት ውጤት አይደሉም። አካሄዱ ግን በየዓመቱ የሚታይ ነው።

▪️ ጥናቱ

ቦታው መካነ ሰላምና ዙሪያዋ ነው፣ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ። ከተማዋ ከደጋው አናት ላይ ናት። ገጠሩ ግን በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ እያዘቀዘቀ እስከ ቆላ ይወርዳል። በካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ጎጦች መካከላቸው የግማሽ ቀን መንገድ ገደል ሊኖር ይችላል። ይህን መልክዓ ምድር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ይመጣል።

አንድ የምርምር ቡድን 20 ቀበሌዎችን ይመርጣል። ከእያንዳንዱ ቀበሌ 32 ቤት፣ በድምሩ 640 ከአምስት ዓመት በታች ልጆች። ጥያቄው፦ ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሚፈጅባቸው ቤቶች ልጆች መካከል መቀንጨር ይበዛል ወይ? መቀንጨር ማለት የልጁ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው እጅግ ማነስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መቀንጨርን በአገር ደረጃ 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል።

ከ640ዎቹ ውስጥ 320 ቤቶች ውኃ ሩቅ ነው፣ 320ዎቹ ቅርብ። የሁሉም ቤት ርቀት በመጀመሪያው ቤት ምዝገባ ጊዜ ተለክቷል። የልጁ ቁመትና ዕድሜ በተሟላ ሁኔታ የተገኘው ግን ለ540 ልጆች ብቻ ነው። ከሩቆቹ 240፣ ከቅርቦቹ 300። ከ240ዎቹ 144 ቀንጭረዋል፣ ይህም 60 በመቶ ነው። ከ300ዎቹ 120 ቀንጭረዋል፣ ይህም 40 በመቶ።

ቡድኑ እንደ ልማዱ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይሠራል። 2.25 የሚል ኦድስ ሬሾ ያገኛል። «ውኃ ሩቅ የሆነባቸው ልጆች የመቀንጨር ዕድላቸው 2.25 እጥፍ ነው» ብሎ ይጽፋል። ስለ መቶዎቹ ልጆች አንድ መስመር ያክላል፤ ተወግደዋል። ይልካል።

▪️ የመጀመሪያው አስተያየት፦ «ሞዴሉን ቀይሩ»

ገምጋሚው ሁለት ነገር ይላል። አንድ፣ መቀንጨር በዚህ አካባቢ የተለመደ ስለሆነ ኦድስ ሬሾ ያሳስታል። ሁለት፣ የአንድ ቀበሌ ልጆች ስለሚመሳሰሉ እንደ 540 የማይተዋወቁ ልጆች መቁጠር አይቻልም።

የመጀመሪያውን ለማየት ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። ከሩቆቹ 60 በመቶ፣ ከቅርቦቹ 40 በመቶ ቀንጭረዋል። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ነው። አንድ እናት፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም አንድ የወረዳ ኃላፊ «ስንት እጥፍ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ይህን ነው። ኦድስ ሬሾ ግን ሌላ ነገር ያካፍላል። የቀነጨሩትን ላልቀነጨሩት። ከሩቆቹ 144 ለ96፣ ማለትም 1.5፤ ከቅርቦቹ 120 ለ180፣ ማለትም 0.67። አንዱ ለሌላው ሲካፈል 2.25 ይመጣል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው «2.25 እጥፍ ዕድል» ተብሎ መነበቡ ነው። ችግሩ ያልተለመደ በሽታ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ 3 በመቶ ለ2 በመቶ፣ ኦድስ ሬሾው 1.52 ይሆናል፣ ከ1.5 ጋር አይጣላም። ግማሽ የሚጠጋው ልጅ በቀነጨረበት ደጋ ግን ልዩነቱ የአንድና ግማሽ እጥፍ ነገር ከሁለት እጥፍ በላይ አስመስሎ ያቀርባል። ዜናው ላይ የሚወጣው ደግሞ «ከሁለት እጥፍ በላይ» የሚለው ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እንዲህ ላለው መረጃ ሪስክ ሬሾን በቀጥታ የሚያወጣ፣ «የተሻሻለ ፖይሰን» የሚባል ስልት አለ። በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የዞው ጽሑፍ አስተዋውቆታል። ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች ይሠሩታል። ከሃያ ዓመት በኋላ «አናውቀውም» ማለት ሰበብ አይሆንም።

ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ያማል፤ ምክንያቱም ተመራማሪዎቹ እውነቱን አስቀድመው ያውቁታል።

በኢትዮጵያ የማስተርስ ጥናት ያነበበ ሁሉ 423 የሚለውን ቁጥር ያውቀዋል። ምጣኔው 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ «ምላሽ ለማይሰጡ» 10 በመቶ ይታከላል፣ 423 ይሆናል። ናሙናው ከብዙ ቀበሌዎች ሲወሰድ ደግሞ ይህ ቁጥር በ2 ወይም በ1.5 ይባዛል። ለምን ይባዛል? የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ። አንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ አንድ ውርጭ ይመታቸዋል። ከአንድ ቀበሌ ሠላሳ ልጅ መለካት ከሠላሳ ቀበሌ አንዳንድ ልጅ የመለካትን ያህል አያስተምርም። በናሙና ስሌቱ ገጽ ላይ ይህን አምነው፣ አባዝተው፣ ተጨማሪ አበል አስፈቅደው ይወጣሉ። ትንተናው ገጽ ላይ ሲደርሱ ይክዱታል። ልጆቹ በድንገት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይሆናሉ።

ክህደቱ ዋጋ አለው። በምሳሌው ውስጥ በአንድ ቀበሌ በአማካይ 27 ልጅ ተለክቷል። የቀበሌ ልጆች መመሳሰል 0.05 ነው ቢባል፣ ይህም ትንሽ ነው፣ ከ27 አንድ ተቀንሶ በ0.05 ሲባዛና 1 ሲታከልበት 2.3 ይመጣል። 540 ለ2.3 ሲካፈል 235 ነው። ማለትም ጥናቱ 540 ልጅ ለክቶ የያዘው እውቀት በግምት የ235 ልጅ ነው። ይህን ረስቶ ሲሰላ የ1.5 የእርግጠኝነት ክልል ከ1.26 እስከ 1.78 ይሆናል። ሲታሰብበት ከ1.15 እስከ 1.95 ይሰፋል። ግኝቱ አልፈረሰም፤ ነገር ግን ያን ያህል የተረጋገጠ አይደለም። እዚህ ላይ ባይፈርስም፣ ለጥቂት «ጉልህ ነው» የተባለ ሌላ ግኝት በዚሁ ስሌት ሊፈርስ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው አገር አቀፍ ጥናት እንኳ፣ 645 የቆጠራ ቦታዎችን የሸፈነው፣ በሪፖርቱ አባሪ ላይ ይህን የመመሳሰል ዋጋ ለየመለኪያው ያትማል። የአገሪቱ ትልቁ ጥናት ያልደበቀውን የወረዳ ጥናት የሚደብቅበት ምክንያት የለም።

▪️ እሺ ማለት ብቻ ምላሽ አይደለም

እዚህ ላይ የደጅ ጥናቱ ሌላኛው ገጽ ይመጣል። ገምጋሚው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ብዙ ጊዜ «መልቲሌቨል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተጠቀሙ» ብቻ ብሎ ያልፋል። ቡድኑም ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ ተጭኖ፣ አዲስ ሠንጠረዥ አውጥቶ፣ «እንደ አስተያየትዎ ቀይረናል» ይላል።

ምን ተቀየረ? የቀበሌ መመሳሰል ተመዝግቧል፣ ጥሩ ነው። የኦድስ ሬሾው ችግር ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም ተባብሷል፤ በመልቲሌቨል ሎጂስቲክ የሚወጣው ኦድስ ሬሾ በአንድ ዓይነት ቀበሌ ውስጥ ስላሉ ሁለት ልጆች ያወራል እንጂ በወረዳው ስላሉ ልጆች ሁሉ አያወራም። በመሆኑም ቁጥሩ ከመጀመሪያው ከፍ ሊል ይችላል። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት የሚፈልገው የወረዳውን አማካይ ነው። ገምጋሚው ካነሣቸው ሁለት ችግሮች አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ አመለጠ፣ ደብዳቤው ግን «ተስተካክሏል» ይላል።

የሚያኮራው ምላሽ ሌላ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ገምጋሚው የቀበሌ መመሳሰል መታሰብ አለበት ማለታቸው ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ትንተናችን ይህን ዘሎ ነበር። ነገር ግን መልቲሌቨል ሎጂስቲክን አልመረጥንም። ጥያቄያችን የወረዳው አማካይ ልዩነት ስለሆነና መቀንጨር የተለመደ ስለሆነ የተሻሻለ ፖይሰን ተጠቅመናል፤ የስሕተት ክልሉንም በቀበሌ ደረጃ አስልተናል። ቀበሌዎቹ 20 ብቻ ስለሆኑ ይህ ስሌት ስሕተቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ስለዚህ ለጥቂት ክላስተር የሚደረገውን ማስተካከያ አክለናል። ቀድሞ 2.25 ኦድስ ሬሾ ብለን የጻፍነው አሁን 1.5 ሪስክ ሬሾ ነው። ማጠቃለያው፣ አብስትራክቱና ርዕሱም በዚሁ መሠረት ለስልሰዋል። ገምጋሚው የጠየቁትን ሞዴል ውጤትም ለንጽጽር በአባሪ አቅርበናል።»

በዚህ ምላሽ ውስጥ እሺታ አለ፣ እምቢታም አለ፣ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ከሁሉ በላይ የቀድሞው ቁጥርና የአሁኑ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «አስተካክለናል» የምትለው ቃል የምትሸፍነው ይህን ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ማጠቃለያው ሳይቀየር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሠንጠረዡ አዲስ ሞዴል ያሳያል፣ የመጨረሻው አንቀጽ የድሮውን ይዘፍናል።

▪️ ሁለተኛው አስተያየት፦ «መቶዎቹ የት ገቡ?»

አሁን ወደ ልቡ። ከ640 ልጆች 100 ጎድለዋል። ደራሲዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «የጎደለው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው 10 በመቶ ቀድመን ያከልነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ጆንያ የቀደደበት ሰው ተጨማሪ እህል እንደመጨመሩ ነው። 10 በመቶ መጨመር ቁጥርን ይተካል፣ ሰውን አይተካም። ከውኃ አጠገብ ያለ ቤት ተጨምሮ ከገደል ማዶ ያለ ቤት ቢጎድል ናሙናው ሞልቷል፤ እውነቱ ግን ጎድሏል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት» ሳይሆን «ከየት» ነው። በምሳሌው ከቅርቦቹ 320 የጎደሉት 20 ናቸው፣ 6 በመቶ። ከሩቆቹ 320 የጎደሉት 80 ናቸው፣ 25 በመቶ። ይህች አንዲት መስመር ብቻ በቂ ማስጠንቀቂያ ናት። የጎደሉት እንዲያው በዕጣ አልጎደሉም።

ቀጥሎ «ለምን» ይመጣል። መዝገቡ ሲገለጥ እንዲህ ነው እንበል። ለ38 ልጆች ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሄዶ ዝግ ነበር። ለ27 ልጆች ቁመት ተለክቷል፣ የተወለዱበት ወር ግን አልታወቀም። 21 ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ሄዷል። 14 እናቶች ልጃቸው እንዲለካ አልፈቀዱም።

የደቡብ ወሎን ኑሮ የሚያውቅ ሰው እነዚህን አራት መስመሮች እንደ ተረት አያነባቸውም። ቤቱ ዝግ የሆነው እናት ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም ወይም ገበያ ስለወጣች ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ጥናቱ የሚጠይቀው ችግር ራሱ መላሿን ከቤት አስወጥቷታል። ቀዬውን የለቀቀው ቤተሰብ ለአዝመራ ሥራ ወደ ቆላ የወረደ ወይም ከነጭራሹ የተሰደደ ሊሆን ይችላል፤ ወሎ ደግሞ ወደ መተማና ወደ ዓረብ አገር ሰው ከሚሸኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። የልደት ወሩ ያልታወቀው ልጅ የክትባት ካርድ የሌለው ልጅ ነው። እናቱ «ለጥምቀት ሰሞን ነው የወለድኩት» ትላለች፤ ጎበዝ መረጃ ሰብሳቢ ከበዓልና ከአዝመራ እየተነሣ ወሩን ይጠጋል፣ የቸኮለው ደግሞ ባዶ ይተወዋል። ወሩ ከሌለ መቀንጨር አይሰላም፤ መቀንጨር ቁመት ለዕድሜ ነውና። ካርድ የሌለው ልጅ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የራቀ ልጅ ነው። የጎደለው ልጅ የተራበው ልጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እነዚህ አራት ምክንያቶች አንድ መድኃኒት የላቸውም። ለ27ቱ ልጆች ቁመታቸው፣ ወንድም እህታቸው፣ የእናታቸው ትምህርት፣ ቀበሌያቸው ይታወቃል፤ የጎደለው አንድ መልስ ብቻ ነው። ለእነሱ መልቲፕል ኢምፑቴሽን የሚባለው ስልት ይሆናል። ከሚታወቀው ተነሥቶ ሊሆን የሚችለውን መልስ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ይሞላል፣ በየሙሌቱ ትንተናው ይደገማል፣ በሙሌቶቹ መካከል ያለው መለያየት ወደ ስሕተት ክልሉ ይገባል። «መረጃ መፈልሰፍ ነው» የሚሉት ተሳስተዋል፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ እንደ እውነተኛ መልስ መቁጠር ነው ፈጠራ። ሙሌቱ ግን የውኃውን ርቀት ከስሌቱ ካስወጣ ልዩነቱን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል፤ ቀበሌውን ከዘለለ ደግሞ የቀበሌ ልጆችን መመሳሰል ያሳንሰዋል። ደብዳቤው እነዚህን ካልነገረ «ኢምፑቴሽን ተጠቅመናል» ማለት ብቻውን ጌጥ ነው። ቤታቸው ዝግ ለነበረና ለተሰደዱት 59 ልጆች ደግሞ ከቦታቸው በቀር የሚታወቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለእነሱ የሚሻለው ከተመሳሳይ ቦታ ለተገኙት ልጆች ክብደት ጨምሮ መቁጠር ነው። ላልፈቀዱት 14ትም እናቲቱ ሌላ ጥያቄ መልሳ እንደሆነ ታይቶ ከሁለቱ በአንዱ ይታያሉ።

ሁለቱም መንገዶች አንድ እምነት አላቸው። የጎደለው ልጅ በሚታወቁት ነገሮች ከሚመስለው ከተለካው ልጅ ጋር ይቀራረባል የሚል። ይህን እምነት የሚያረጋግጥ ፈተና የለም። አንዳንዶች የሊትልን ፈተና ሠርተው «መረጃው በዕጣ የጎደለ መሆኑ ተረጋገጠ» ይላሉ። ፈተናው የሚያየው የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ ያልተለካው ልጅ ቁመት ስንት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

የማይረጋገጠውን ግን መፈተን ይቻላል። ምሳሌው ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። የጎደሉት እንደየቡድናቸው ቢሆኑ ከሩቆቹ 192፣ ከቅርቦቹ 128 ይቀነጭራሉ፤ ሬሾው 1.5 ሆኖ ይቀራል፣ የወረዳው መቀንጨር ግን ከ49 ወደ 50 በመቶ ይወጣል። ከሩቆቹ የጎደሉት ይበልጥ የተጎዱ ቢሆኑና 75 በመቶ ቢቀነጭሩ ሬሾው 1.59 ይደርሳል። በተቃራኒው እንደ ቅርቦቹ 40 በመቶ ብቻ ቢሆኑ 1.38 ይወርዳል። እስከ ጫፍ ሲገፋ፣ ከሩቆቹ የጎደለ አንድም ልጅ ባይቀነጭርና ከቅርቦቹ የጎደሉት ሁሉ ቢቀነጭሩ፣ 1.03 ይሆናል፤ ግኝቱ ጠፋ ማለት ነው። ያ ጫፍ ግን በእነዚህ ገደሎች ላይ የሚታመን አይደለም። እንግዲህ ሐቀኛው ምላሽ እንዲህ ይላል፦ «ግኝታችን የሚፈርሰው የጎደሉት ልጆች ከተለኩት ፍጹም ተቃራኒ ቢሆኑ ብቻ ነው፤ መጠኑ ግን ከ1.4 እስከ 1.6 ሊዋዥቅ ይችላል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከመቶ ፒ-ቫልዩ ይበልጣል። አንባቢው ምን ያህል ማመን እንዳለበት ይነግረዋል።

ይህ ሁሉ የገምጋሚው ቅብጠት አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ስትሮብ የሚባለው የጥናት አጻጻፍ መመሪያ ለየጥያቄው ስንት መልስ እንደጎደለና ምን እንደተደረገ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ብዙ ጆርናሎች ደራሲዎች የመመሪያውን ቅጽ ሞልተው እንዲልኩ ያዛሉ። ቅጹ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ገጹ ሲገለጥ የለም።

▪️ ከጎደሉትም የጎደሉ

ከዚህ የከፋም አለ። ከላይ ያሉት መቶ ልጆች ቢያንስ በዝርዝሩ ላይ ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «በጸጥታ ምክንያት የማይደረስባቸው ቀበሌዎች አልተካተቱም» ወይም «በሌላ ቀበሌ ተተክተዋል» የሚል መስመር ይለመዳል። የተተካ ቀበሌ በጎደለ መረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም። የምላሽ መጠኑ 98 በመቶ ሆኖ ይጻፋል። ከጥናቱ በፊት የተሰረዘ ሰው ምላሽ አልሰጠም ተብሎ እንኳ አይቆጠርም።

መረጃ ሰብሳቢ ወደ ተኩስ ይሂድ የሚል የለም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ቀበሌ እንደተሰረዘ፣ የት እንዳሉ፣ ማጠቃለያውም ስለ ወረዳው ሳይሆን ስለተደረሰባቸው ቀበሌዎች እንደሆነ ይጻፍ። ቀለም እንጂ ገንዘብ አያስወጣም።

▪️ ሰበቦቹ

«ገምጋሚው አገራችንን አያውቅም» ይባላል። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ቤቱ ለምን ዝግ እንደነበር ለንደን ወይም ቶሮንቶ የተቀመጠ ሰው ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ተመራማሪው ነው። ታዲያ ለምን አይነግረውም? ስለ ጎደለ መረጃ የሚቀርብ ጥያቄ የአገሬው ተመራማሪ ከማንም በላይ የሚያውቀውን እንዲናገር የተከፈተ በር ነው። በሩን በሁለት ቃል ዘግቶ «አያውቁንም» ማለት አያስኬድም።

«ጊዜና ገንዘብ የለም» ይባላል። ለሞዴሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ስታቲስቲሺያን ማግኘት በክልል ከተማ ቀላል አይደለም። ለጎደለ መረጃ ግን ሰበቡ አይሠራም። የጎበኙትን ቤትና ያልተገኘበትን ምክንያት በአንድ ደብተር መመዝገብ ሞዴል አይጠይቅም። ያን ደብተር በመስክ ላይ ያልያዘ ቡድን ግን በኋላ ምንም ሶፍትዌር አያድነውም። ያን ጊዜ ትክክለኛው ምላሽ «ምክንያቱን አልመዘገብንም፤ ይህ የጥናቱ ድክመት ነው» ማለት ነው። የሚያሳፍረው ይህን መጻፍ ሳይሆን በድፍረት «በዕጣ የጎደሉ ናቸው» ማለት ነው።

«ከተከራከርን ይጥሉታል» ይባላል። ይህ ፍርሃት ነው የደጅ ጥናቱ ሥር። ፍርሃቱን ያሳደገው ደግሞ የታተመ ጽሑፍን ቁጥር ብቻ የሚቆጥር የደረጃ ዕድገት ሥርዓት ነው። ምክንያቱን አስረድቶ፣ የተጠየቀውን ሞዴል ለንጽጽር በአባሪ አስቀምጦ እምቢ ያለን ደራሲ አዘጋጁ ሊያከብረው ይችላል። ያላከበረው ጆርናል ቢቀርም አይጎዳም።

▪️ ደብዳቤው ይውጣ

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው። የምላሽ ደብዳቤው ለሕዝብ ይውጣ። በቢኤምሲ ሥር ያሉ በርካታ የሕክምና ጆርናሎች የገምጋሚውን ሪፖርትና የደራሲውን ምላሽ ከጽሑፉ ጋር ሲያወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፕሎስ ዋንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደራሲዎች ከፈቀዱ ያወጣል። የአገር ውስጥ ጆርናሎችም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም የደረጃ ዕድገት ሲሰጡ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤውን ይጠይቁ። ተመራማሪው ማን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ ሲሳሳት ምን እንዳለ፣ ሲጠየቅ ምን እንደመለሰ።

ጋዜጠኞችና የቢሮ ኃላፊዎችም «ሁለት እጥፍ» የሚል ቁጥር ሲያዩ ከመጥቀሳቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ይህ ኦድስ ነው ወይስ ዕድል? ስንት ሰው ጎድሏል፣ ከየት?

ከመካነ ሰላም ቁልቁል፣ ውኃ ከሩቅ ከሚቀዳበት ጎጥ፣ በሩ ዝግ የነበረ ቤት አለ። መረጃ ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ተመልሷል። ልጁ አልተለካም። ይህ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። «እንደ አስተያየትዎ አስተካክለናል» ተብሎ በሩ ለአራተኛ ጊዜ ሲዘጋ ግን ጥፋቱ ባለቤት አለው።